እጅ ማስታጠብና ጥርስ መፋቅ በዜማ

ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ፊደል የሚያጠናው በዜማ ነው። ዓይኑ ፊደሉን ገና ሳይለይ አፉ ይዞታል። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅም እንዲሁ ነው። «እጅህን በደንብ ታጠብ» ቢሉት «በደንብ» ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም። እጁ የሚሠራውን አፉ እየጠራ ከዘፈነ ግን ቅደም ተከተሉን አይረሳም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አንድ የእጅ መታጠቢያና አንድ የጥርስ መፋቂያ ዜማ እናቀርባለን። እንዴት እንደሚሠራባቸውም እናያለን።

አንዲት እናት «እኛ እኮ ከምግብ በፊት ሁልጊዜ እጅ እናስታጥባለን፤ ታዲያ ምን ጎደለን?» ብለው ጠይቀውን ነበር። እውነታቸውን ነው። ውሃ ከላይ እያፈሰሱ ማስታጠብ ጥሩ ልማድ ነው። ሁሉም በየተራ እጁን ከሚነክርበት ሳህን እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚታጠበው የሚጎርሰው ቀኝ እጅ ብቻ ነው፤ ያውም በባዶ ውሃ። ልጅ ደግሞ በሁለቱም እጁ አፈር ይጫወታል፤ በሁለቱም አፉን ይነካል።

ባዶ ውሃ ለምን እንደማይበቃ በቤታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ጥቂት ከሰል ፍጩ። በግማሽ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ለውሱትና የልጁን ሁለት እጆች ቀቡት። መጀመሪያ በባዶ ውሃ ይታጠብ። ጥቁሩ አይለቅም፤ ውሃው በላዩ ይንሸራተታል። ቅባት ከውሃ ጋር አይዋሃድማ! ቀጥሎ በሳሙና ይታጠብ። ሳሙናው ቅባቱን ይበታትነዋል፤ ከዚያ ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል። ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች፣ ማለት በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነፍሳት፣ ከእጅ ወዝና እድፍ ጋር ተጣብቀው ይቀመጣሉ። እነሱም የሚወጡት እንደ ከሰሉ በሳሙናና በማሸት ነው።

እንግዲህ ዜማው ይኸውና፤

ውሃ ጠብ ጠብ፣ ሳሙና ቀባ ቀባ፣
አረፋው አበበ እንደ ጥጥ አበባ።
መዳፍ በመዳፍ ላይ፣ ፈተግ ፈተግ፣
የእጄም ጀርባ በተራው ይጠረግ።
ጣቶች ተቃቀፉ፣ ጣቶች ተላቀቁ፣
በመካከል ያሉት ቆሻሾች ይውደቁ።
አውራ ጣት፣ አውራ ጣት፣ ወዴት ተሸሸግህ?
ግባ ከጭብጤ ውስጥ፣ ዙር ዙር ላድርግህ።
ጥፍሮቼ መዳፍ ላይ ጫር ጫር እንደ ዶሮ፣
ውሃ ጠብ ጠብ፣ እድፉ ሄደ ተባሮ።

እያንዳንዱ ስንኝ የራሱ ሥራ አለው። በመጀመሪያው ስንኝ ትልቅ ሰው ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ያህል ውሃ ያፈስና ማፍሰሱን ያቆማል። ልጁ እጁን ሳሙና ይቀባል። በሁለተኛው አረፋ እስኪወጣ ያሻል። በሦስተኛው መዳፍ ከመዳፍ ይፋተጋል። በአራተኛው የአንዱ እጅ መዳፍ የሌላውን ጀርባ ያሻል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። በአምስተኛውና በስድስተኛው ጣቶች በጣቶች መካከል ይገባሉ፤ ይወጣሉ። በሰባተኛውና በስምንተኛው አንዱ አውራ ጣት በሌላው እጅ ጭብጥ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል፤ ሌላውም በተራው። በዘጠነኛው የጣቶች ጫፍ መዳፍን ይጭራል። ይኸ ለጥፍር ውስጥ ነው። የወስፋት እንቁላል ያለበት አፈር የሚሸሸገው እዚያ ነውና። በአሥረኛው ስንኝ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ውሃ ይፈስና ሁሉም ይለቀለቃል። ከዚያ እጅ ይራገፋል፤ በአየር ይደርቃል። በቀሚስ ወይም በቆየ ጨርቅ ከተጠረገ የወጣው እድፍ ይመለሳል።

ከሁለተኛው እስከ ዘጠነኛው ስንኝ ውሃ አይፈስም። ይኸ ሁለት ጥቅም አለው። ሳሙናው ሳይሠራ አይታጠብም፤ ከሩቅ የተቀዳው ውሃም አይባክንም። በዝግታ ሲዘፈን ይኸ ክፍል ከ20 ሰከንድ ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል። የሚያስፈልገው የማሸት ጊዜም ይኸው ነው። ሰዓት የሌለው ሰው ከ1 እስከ 20 ቀስ ብሎ ይቁጠርና ዜማውን ከቆጠራው ጋር ያስተያየው። ዜማው ቀድሞ ካለቀ ልጆቹ እየተሽቀዳደሙ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ «ማን ቶሎ ጨረሰ» ሳይሆን «የማን አረፋ በዛ» እያላችሁ አጫውቷቸው።

ሳሙና ከሌለ ከምድጃ የወጣ፣ የቀዘቀዘና የተነፋ ንጹህ አመድ ይተካዋል። አንድ ቆንጥር ያህል በእርጥብ እጅ ላይ ይደረግና በዚያው ዜማ ይታሻል። ልጁ በዚያ እጁ ዓይኑን እንዳይነካ ይጠበቅ። ሳሙና ሲገኝ ግን ሳሙና ይሻላል።

አሁን አንድ ቤት በምሳሌ እንውሰድ። በቤቱ የአራት ዓመት ሴት ልጅና የስድስት ዓመት ወንድሟ አሉ እንበል። ሰኞ እናት ሁለት ስንኝ ብቻ ያስተምራሉ። ማክሰኞ ሁለት ይጨምራሉ። እንዲህ እያሉ ዓርብ አሥሩ ስንኞች ያልቃሉ። ታናሿ ቃሉን ሳትይዝ የእጁን ሥራ ብትይዝ አይገርምም። በዚህ ዕድሜ እጅ ከአፍ ይቀድማል። ቅዳሜ እናት ሁለቱንም ልጆች በዘይት የተለወሰ ከሰል ይቀቧቸዋል። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እየዘፈኑ በሳሙና ይታጠባሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ይከፍታሉ። የወንድሟ እጅ ከጥፍሩ ሥር በቀር ጠርቷል። የእርሷ ግን በሁለቱ አውራ ጣቶችና በጣቶቿ መካከል ጥቁር ቀርቷል። እንግዲህ ጉድለቱ ታወቀ። ለእርሷ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት ስንኞች ሁለት ሁለት ጊዜ ይዘፈናሉ። ለእርሱ የዶሮው ስንኝ ይደገማል፤ ጥፍሩም ይቆረጣል። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ይፈተናሉ። «ታጥበሃል?» ብሎ ከመጠየቅ ይኸ ይሻላል፤ ከሰል አይዋሽም።

ከሁሉም በላይ አንድ ስሕተት ተጠንቀቁ። ልጆች ክብ ሠርተው፣ በደረቅ እጅ እያጨበጨቡ ዜማውን አሳምረው ሊዘፍኑ ይችላሉ። ከዚያ ሳይታጠቡ ወደ ገበታ ይቀርባሉ። ያን ጊዜ ዜማው ጨዋታ ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ልጆቹ ዜማውን ካወቁት በኋላ የሚዘፈነው ማስታጠቢያው ባለበት ቦታ ብቻ ይሁን፤ ከምግብ በፊትና ከሽንት ቤት መልስ። ውሃውና ሳሙናው አንድ ቦታ ይቀመጡ። ሳሙናው ጓዳ ከተቆለፈበት ዜማው አያወጣውም።

ወደ ጥርስ እንለፍ። የልጅ ጥርስ ሃያ ነው፤ አሥሩ ከላይ፣ አሥሩ ከታች። «የወተት ጥርስ ይረግፍ የለም ወይ፤ ቢበሰብስ ምን ቸገረ?» የሚሉ አሉ። የፊቶቹ በስድስትና በሰባት ዓመት መርገፍ ይጀምራሉ። የኋላዎቹ ግን እስከ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ ማኘኪያ ናቸው። ደግሞም በስድስት ዓመት ገደማ ከሁሉም በስተኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይረግፍ፣ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። እርሱ ግን የዕድሜ ልክ ጥርስ ነው፤ ከጠፋ ምትክ የለውም።

በአፍ ውስጥ ያሉ ጀርሞች ስኳርና ጣፋጭ ነገር ሲያገኙ አሲድ ያወጣሉ። አሲዱ ጥርስን ይበላል። መጀመሪያ በድድ አጠገብ ወዝ የሌለው ነጭ ምልክት ይታያል። ቀጥሎ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም ይቦረቦራል። ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ዋናው ሰዓት ከመኝታ በፊት ነው፤ ሌላው ጠዋት። ዜማውም እንዲህ ይላል፤

ላዩን ወደ ታች፣ ታቹን ወደ ላይ፣
ፊት ለፊቱን ፋቅሁት ነጭ ሆኖ እንዲታይ።
አፌን ልክፈትና «ሀ» ልበል በጣም፣
መንጋጋዬን ልፋቅ ግራዬን፣ ቀኜንም።
እራቴን በላሁኝ፣ ጥርሴንም ፋቅሁኝ፣
ሌላ አልቀምስም ከውሃ፣ እስኪነጋልኝ።

ይኸ ዜማ አንድ ጊዜ ተዘፍኖ አይበቃም። ጥርስን በደንብ ለማጽዳት ሁለት ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ለላይ ቀኝ፣ ለላይ ግራ፣ ለታች ቀኝና ለታች ግራ እያላችሁ በዝግታ አራት ጊዜ ዝፈኑት። ልጁ አፉን ስለያዘ የሚዘፍኑት ወላጆች ናቸው። ልጁ «ሀ» የምትለውን ብቻ ይላል። አፉ በሰፊው የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው፤ መንጋጋውም ይታያል።

መፋቂያው ከወይራ ወይም ከክትክታ ሊቆረጥ ይችላል። እርጥብ፣ እንደ እርሳስ የቀጠነና አንድ ስንዝር ያህል ይሁን። ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ይለስልስ። ሲጠነክር ጫፉ ይቆረጥ። ልጅ መፋቂያ በአፉ ይዞ አይሩጥ፤ ቢወድቅ ጉሮሮውን ይወጋዋል። መፋቂያ የፊት ጥርስን ደህና አድርጎ ያጸዳል። የመንጋጋን ውስጠኛ ጎን ግን ለመድረስ ያስቸግራል። የጥርስ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ከተገኘ ይመረጣል፤ ፍሎራይድ ጥርስን ያጠነክራልና። መጠኑ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህል ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ልጁ ይትፋው እንጂ አይዋጠው።

እስከ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ድረስ የልጅ እጅ ብቻውን አይችልም። ስለዚህ ወላጅ ከልጁ በስተኋላ ይቁም፤ የልጁን ራስ ደረቱ ላይ ያስደግፍ፤ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ራሱ ይፋቅለት። እግረ መንገዱንም ነጭ ወይም ጥቁር ምልክት መኖሩን ይመልከት። ምልክት ካየ፣ ወይም ልጁ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚያኝክ ከሆነ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው። የተቦረቦረን ጥርስ ዜማም መፋቂያም አይደፍነውም።

ጥያቄዎች

1. ከዘይት ጋር የተለወሰ ከሰል በባዶ ውሃ የማይለቀው ለምንድን ነው?
2. ከሁለተኛው እስከ ዘጠነኛው ስንኝ ውሃ የማይፈሰው ለምንድን ነው?
3. በምሳሌው ቤት ታናሿ ልጅ የትኞቹ የእጇ ክፍሎች ሳይጸዱ ቀሩ? እናት ምን አደረጉ?
4. በስድስት ዓመት ገደማ ከኋላ የሚበቅለው ጥርስ የወተት ነው ወይስ የዕድሜ ልክ?
5. በዚህ ሳምንት የከሰሉን ፈተና በቤታችሁ አድርጉ። ጥቁሩ የት እንደቀረ በደብተራችሁ ጻፉ።