የእሑዱ ጥሪ ዋሽንግተን ላይ ስንት ሰዓት ነው?

ናይሮቢና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው። ዋሽንግተን ግን ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ገደማ በ7 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት በ8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት።

በየእሑዱ ማታ በ12 ሰዓት ከዘመድ ጋር የምንነጋገርበትን ቀጠሮ በጎግል ካላንደር ስንይዝ፣ 12ን እንዳለ አናስገባም። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሆነ 6:00 PM እንላለን። 12:00 PM ካልን ቀትር ይሆንና ማስታወሻው ዋሽንግተን ያለችውን አክስት፣ ለምሳሌ በሐምሌ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይቀሰቅሳታል።

ቀጥለን ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን Time zone ከፍተን Nairobi የሚለውን እንመርጣለን። ግብዣው የደረሳት አክስት በራሷ ስልክ 11:00 AM ሆኖ ታገኘዋለች፤ መደመር መቀነስ አያስፈልጋትም። ሰዓቱን በርዕሱ ላይ ባንጽፍ ይሻላል፤ ርዕስ በየአገሩ አይቀየርም።

ጥቅምት ሲያልቅ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ ያው ቀጠሮ አክስት ዘንድ 10:00 AM ይሆናል። ካላንደሩ አልተሳሳተም። በኒው ዮርክ ሰዓት ይዘነው ቢሆን ኖሮ የሚንቀሳቀሰው የእኛ ነበር፤ ወደ ማታ 1 ሰዓት ያልፍብናል። Nairobiን የምንመርጠውም አዲስ አበባ ያሉት አያት በጊዜ ስለሚተኙ ነው።