ከ60 ዓመት በፊት ጡረታ መውጣት አበልን ለዘለቄታው የሚቀንሰው ለምንድን ነው?

በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ የሲቪል ሠራተኛ የመጀመሪያ 10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ያስገኛል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ቀድሞ የወጣ ሠራተኛ በሁለቱም በኩል፣ በመቶኛውም በአማካዩም፣ ይጎዳል።

በይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ 30 ዓመት ያስተማረች፣ አማካይ ደመወዟ 10,000 ብር የሆነ የ55 ዓመት መምህርት በምሳሌነት እንውሰድ። ዛሬ ብትወጣ 55 በመቶ፣ ማለትም 5,500 ብር ታገኛለች። እስከ 60 ዓመቷ ብታገለግል መቶኛው 61.25 ይደርሳል፤ አማካይ ደመወዟ 12,000 ብር ቢሆን አበሏ 7,350 ብር ነው። ቀድማ ከወጣች 60 ዓመት ሲሞላት ስሌቱ እንደገና አይሠራም።

እርግጥ ነው፣ በአምስቱ ዓመት 330,000 ብር ቀድማ ትቀበላለች። ይህን የ1,850 ብሩ ወርኃዊ ልዩነት የሚያካክሰው ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ያጣችው ደመወዝ ግን በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።