የማይነበብ ፊርማ አለበት

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች ብትገልጡ፣ በውሳኔው መጨረሻ የማይነበብ የአምስት ዳኞች ፊርማ እንዳለበት የምትገልጽ አጭር መስመር ታገኛላችሁ። በእጅ የተፈረመ ሰነድ መገልበጥ ለሚጀምር ሰው ከዚህች መስመር የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። የምትለውን ብቻ ሳይሆን የማትለውንም እዩ። ፊርማ መኖሩን፣ ስንት እንደሆነና የዳኞች መሆኑን ትናገራለች። የዳኞቹ ስም ከላይ ተዘርዝሮ ሳለ ግን የትኛው ጭረት የየትኛው ዳኛ እንደሆነ አትገምትም።

እንዲህ የምትጠነቀቀው ፊርማ ለመነበብ ስለማይጻፍ ነው። ፊርማ የፈራሚውን እጅ የሚለይ ምልክት ነው፤ ፈራሚው ፊደሎቹን ሊደራርባቸው፣ በላቲን ሊጽፋቸው ወይም ጨርሶ ሊተዋቸው ይችላል። ከጭረቱ ውስጥ «መ» ወይም «ወ» የሚመስል ዙር አይታችሁ ስም ካወጣችሁ፣ ዋናውን ወረቀት የማያይ አንባቢ ያ ስም በእርግጥ ተጽፎ ነበር ብሎ ይቀበላል። የእናንተ ግምት የሰነዱ ቃል ሆነ ማለት ነው።

ግምትን ከቃል የሚለየው የማዕዘን ቅንፍ [ ] ነው። ከቅንፉ ውጭ ያለው ሁሉ የወረቀቱ ቃል፣ ከውስጥ ያለው የገልባጩ መግለጫ ይሆናል፤ በቅንፉ ውስጥ ከ«፦» በኋላ የሚመጣው ብቻ የወረቀቱ ቃል ነው። ክብ ቅንፍ ለዚህ አይሆንም፤ «ብር 5,400 (አምስት ሺህ አራት መቶ)» እያለ ሰነዱ ራሱ ይጠቀምበታልና።

አንድ የቤት ኪራይ ውል እንውሰድ። ግርጌው ላይ አከራይ በተጠማዘዘ ጭረት ፈርመዋል፣ ተከራይ በጣት ፈርመዋል፣ የአንደኛው ምስክር ቦታ ባዶ ነው። ግልባጩ እንዲህ ይሆናል፦

የአከራይ ፊርማ [የማይነበብ ፊርማ]
የተከራይ ፊርማ [የጣት አሻራ]
የምስክር ፊርማ [ባዶ]

«የአከራይ ፊርማ» የሚለው የታተመ ቃል ስለሆነ ከቅንፍ ውጭ ቀርቷል። ባዶውን ቦታ በዝምታ ብናልፈው ግን አንባቢው ምስክሩ አልፈረመም ወይስ ገልባጩ ረሳው ብሎ ይቸገራል። አሻራውንም «ፊርማ» ብለን አናልፈውም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አሻራ የሚያስገድደው ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ሲረጋገጥ ነውና፣ ልዩነቱ ለአንባቢው ትርጉም አለው።

አጭር ፊርማ፣ ማለትም በየገጹ ኅዳግ ወይም በስርዝ ድልዝ አጠገብ የሚደረገው ጭረት፣ ከሙሉው ፊርማ ይበልጥ ያሳስታል፤ አንድ ሁለት ፊደል ስለሚመስል እጅን ለንባብ ይገፋፋል። በውላችን የኪራዩ መጠን 4,500 ተሰርዞ በላዩ 5,400 ተጽፏል፤ ከጎኑ ሁለት አጫጭር ፊርማዎች አሉ። እንዲህ እንጽፈዋለን፦

ብር [የተሰረዘ፦ 4,500] [ከላይ በእጅ፦ 5,400] [በኅዳጉ አጭር ፊርማ 1፣ አጭር ፊርማ 2]

ቁጥሮቹ የእኛ መለያዎች ናቸው። «አጭር ፊርማ ሀ» እና «ለ» ብንል ኖሮ አንባቢው ወረቀቱ ላይ የታዩ ፊደሎች ይመስሉታል። ያው ቅርጽ በሁለተኛው ገጽ ሲመለስ ያንኑ ቁጥር እንሰጠዋለን። በዚህ መንገድ ማን እንደፈረመ ሳንናገር፣ አንድ እጅ የሚመስለው ምልክት የት የት እንዳረፈ እናሳያለን። ሁለቱ ይመሳሰላሉ ወይ ብላችሁ ካመነታችሁ አዲስ ቁጥር ስጡ፤ የተለያዩትን በኋላ አንድ ማድረግ ይቀላል።

ፊደል በእርግጥ ሲታይስ? የሚታየውን ያህል ብቻ ጻፉ፦ [ፊርማ፤ መነሻው «በ» ሳይሆን አይቀርም፣ ቀሪው አይነበብም]። ፈራሚው ሙሉ ስሙን ጥርት አድርጎ ጽፎ ከሆነ ደግሞ ስሙን [ፊርማ፦ ] ከሚለው ምልክት ጋር አስፍሩት። የሚነበበውን አይነበብም ማለትም ያው ስሕተት ነው።

ይበልጥ የሚያጠምደው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። በፊርማው ሥር የኃላፊውን ስምና ማዕረግ የያዘ ቲተር ስላረፈ፣ ገልባጩ ስሙን ወደ ፊርማው ከፍ አድርጎ «የእገሌ ፊርማ» ይላል። ነገር ግን ኃላፊው በሌሉበት ሌላ ሰው ሊፈርም ይችላል፤ ከቲተሩ አጠገብ በእጅ የተጻፈች «ስለ» የምትል ቃል የምትነግረን ይህንኑ ነው። ማኅተሙ ሲደርብባት በቀላሉ ታመልጣለች። እንዲህ ባለው ቦታ [የማይነበብ ፊርማ፤ በከፊል በክብ ማኅተም የተሸፈነ] ብላችሁ፣ «ስለ»ን [በእጅ፦ ስለ] አድርጋችሁ፣ የቲተሩን ስምና ማዕረግ [ቲተር፦ ] በሚል ምልክት ለብቻው መስመር ስጡት። የፈራሚውን ማንነት የሚያጣራው ሰው ሦስቱንም ተለያይተው ያገኛቸዋል።