የክፋት ችግርና ዋና ዋናዎቹ ቴዎዲሲዎች፦ የ1965ቱን የወሎ ረሃብ መፈተኛ ያደረገ የድርሰት ንድፍ

ሀ. የጥያቄው አቀማመጥ

ፈጣሪ ሁሉን ቻይና ፍጹም ቸር ከሆነ ክፋት ስለ ምን ኖረ? ጄ. ኤል. ማኪ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሁለቱን ባሕርያትና የክፋትን መኖር አንድ ላይ መቀበል የሎጂክ ተቃርኖ ነው ብሏል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። «መከላከያ» ተቃርኖ አለመኖሩን ብቻ ያሳያል፤ «ቴዎዲሲ» ግን ፈጣሪ ክፋትን የፈቀደበትን ምክንያት ለመናገር ይደፍራል። ድርሰቱ ሁለቱን ካደበላለቀ ትችቱ ዒላማውን ይስታል።

በአማርኛ የሚጽፍ ተመራማሪ ሌላ ጥንቃቄም ያስፈልገዋል። «ክፋት» በአነጋገራችን የሰው ነው፤ ድርቅን ክፉ ቀን እንለዋለን እንጂ ክፋት አንለውም። ለድርቅና ለቸነፈር የምንጠቀምበት «መዓት» ደግሞ በግዕዝ ቁጣ ማለት ነውና፣ መከራ ቅጣት ነው የሚለውን ቴዎዲሲ ገና ሳንከራከር ያስገባብናል። ስለዚህ «ምግባራዊ ክፋት» እና «ተፈጥሯዊ ክፋት» የሚሉትን ቃላት በመግቢያው ላይ መበየን ግድ ነው።

ለ. ክፍፍሉ በወሎ ሲፈተን

በወሎ የ1964 ክረምት ዝናብ አነሰ፤ የ1965 በልግም ከሸፈ። እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ ተፈጥሯዊ ክፋት ይመስላል። ይሁን እንጂ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት በዚያ ዓመት የቀነሰው በመጠኑ ነበር፤ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋም በእጅጉ አልናረም። ማሳው የከሸፈበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጣ። ገንዘብ የሌለው ረሃብተኛ ዋጋ ሊያስወድድ አይችልምና ነጋዴው እህል ወደ ወሎ የሚያመጣበት ምክንያት አልነበረውም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል ነበር። በዚህ ላይ የመንግሥት ዝምታና የእርዳታው መዘግየት ተጨመረ።

እንግዲህ የዝናቡ መቅረት ተፈጥሯዊ ቢሆንም ሞቱ በአብዛኛው በሰው ሥርዓት በኩል የመጣ ነው። ረሃቡን በሙሉ «የተፈጥሮ አደጋ» በሚል አርእስት ሥር የሚያሰፍር ንድፍ የተጠያቂዎችን ድርሻ ለፈጣሪ ያሸክማል።

ሐ. የነጻ ፈቃድ መልስ

አልቪን ፕላንቲንጋ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረበው መከላከያ እንዲህ ይላል፦ በነጻነት በጎን የሚመርጡ ፍጡራን ያሉበትን፣ ክፋት ግን የሌለበትን ዓለም መፍጠር ሁሉን ለሚችለውም ላይቻል ይችላል፤ ምርጫው የፍጡራኑ ነውና። ይህ የማኪን ተቃርኖ ያፈርሳል ብዬ እቀበላለሁ። የሴን ትንታኔም ረሃቡን ወደ ሰው ምርጫ ስለሚያስጠጋ ለመልሱ ድጋፍ ይመስላል።

ችግሩ የሚመጣው መከላከያው ወደ ቴዎዲሲ ሲለወጥ ነው። ነጻነቱ የባለሥልጣኑና የባለእህሉ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ምንም ያልመረጠ ሕፃን ነው። የአንዱ ነጻነት ክቡር መሆኑ ሌላው በረሃብ እንዲያልቅ ለመፍቀድ ይበቃል? የድርሰቱ ዋና ክርክር እዚህ ላይ መቆም አለበት።

መ. የነፍስ መታነጽ መልስ

ጆን ሂክ እ.ኤ.አ. በ1966 የሄሬኔዎስን ሐሳብ መነሻ አድርጎ፣ ዓለም የተድላ ስፍራ ሳትሆን ሰው በመከራ የሚታነጽባት ናት አለ። ርኅራኄና ጽናት መከራ በሌለበት አይበቅሉም። በድርቅ ጊዜ ክርስቲያኑ ምሕላ፣ ሙስሊሙ ዱዓ በሚያደርስበት የወሎ ደጋ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንም። ነገር ግን የሚታነጸው የተረፈው ነው። ሂክ ይህን ስለሚያውቅ መታነጹ ከሞት በኋላም ይቀጥላል ይላል፤ ይህ ሐቀኛ መልስ ቢሆንም ክብደቱን በሙሉ በሚመጣው ዓለም ላይ ይጥላል። ሜሪሊን አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1999 ያስቀመጠችው መለኪያ ስለዚህ ይበልጥብኛል፦ የፈጣሪ ቸርነት ለዓለሙ ድምር ብቻ ሳይሆን መከራውን ለተቀበለው ለእያንዳንዱ ሰው መታየት አለበት።

ሠ. የሚተርፈው

ዊልያም ሮው እ.ኤ.አ. በ1979 በጫካ ቃጠሎ ማንም ሳያያት ለቀናት ተሠቃይታ የምትሞት የአጋዘን ግልገልን ምሳሌ አድርጓል። ምሳሌውን በመካነ ሰላም አቅራቢያ ወዳለው ደንቆሮ ጫካ እናምጣውና፣ መብረቅ ባስነሳው እሳት የተቃጠለች ድኩላ እናስብ። የመረጠ ሰው የለም፤ የሚታነጽ ነፍስም የለም። የሮው ክርክር ተቃርኖ አለ አይልም፤ ዓላማ የሌለው መከራ መኖሩ ይበልጥ ይመስላል ይላል እንጂ። ስለዚህ በክፍል ሐ የተገኘው ድል እዚህ አይጠቅምም። የሚቀረው መልስ የሰው ዕውቀት ውስንነት ነው፦ ምክንያቱ አለመታየቱ አለመኖሩን አያስረዳም። ይህን መልስ የሚመርጥ ጸሐፊ ግን መከራ ቅጣት ነው ወይም ማነጫ ነው ለማለትም መብቱን አሳልፎ ሰጥቷል፤ ያልታየውን ምክንያት መሰየም አይችልምና።