ስለ ፕሮፓጋንዳ ፖስተር መልስ ከመጻፍዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አንድ አባት ሳሎን ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሴት ልጁ ጭኑ ላይ ሆና መጽሐፍ ገልጣለች። ወንዱ ልጅ እግሩ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ የአሻንጉሊት ወታደሮቹን ይደረድራል። አባት ግን ልጆቹን አያይም፤ ዐይኑ ከሥዕሉ ውጭ ያለነውን እኛን ያያል። ከሥር አንድ ጥያቄ ተጽፏል፦ «አባዬ፣ አንተስ በታላቁ ጦርነት ጊዜ ምን ሠራህ?»

ፖስተሩ የእንግሊዝ ነው። በ1915 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሳቪል ለምሊ የተባለ ሠዓሊ ሣለው፣ የፓርላማው የምልመላ ኮሚቴ አሠራጨው። የታሪክ አስተማሪ ይህን ፖስተር ሲያቀርብ የሚጠይቀው ከሦስት ነገር አያልፍም፦ መልእክቱ ምንድን ነው? ለማን ታስቦ ተሠራ? በምን ዘዴ? እኔ ለንደን ውስጥ የሐበሻ ልጆችን የታሪክ የቤት ሥራ ሳግዝ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼዋለሁ። ልጆቹ ነጥብ የሚያጡት እንግሊዝኛ አጥሯቸው አይደለም፤ ምስሉን በወጉ ሳያዩ መልሱን ወስነው ስለሚጨርሱ ነው። ወላጆቻቸው ደግሞ በሌላ ይቸገራሉ። በደርግ ዘመን ላደገ ሰው ፕሮፓጋንዳ ሲባል የሚመጣበት የተጨበጠ ቡጢ፣ ቀይ ባንዲራ፣ አብዮት አደባባይ ላይ የተሰቀለው የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል ነው። እዚህ የሚታየው ግን የሰው ሳሎን ነው። «ይሄ ምኑ ነው ፕሮፓጋንዳው?» ይሉኛል። ከዚህ ጥያቄ መጀመር ይሻላል።

ዓመቱን አይተዋል?

ከምስሉ በፊት ዓመቱን ይዩ። በ1915 እንግሊዝ ውስጥ የግዴታ ውትድርና አልነበረም። ጦርነቱ በኦገስት 1914 ሲጀመር ሰው ወደ ምልመላ ጣቢያ ጎረፈ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በፈቃዱ ተመዘገበ። በ1915 ግን ቁጥሩ እያነሰ ሄደ። ለመዝመት የቸኮለው ዘምቷል፤ የቀረው ያመነታው ነው። ያላገቡ ወንዶችን የሚያስገድደው ሕግ የወጣው በጃንዋሪ 1916 ሲሆን፣ ያገቡትም በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ተጨመሩ።

ስለዚህ ይህ ፖስተር ሲወጣ መንግሥት ማንንም «ዝመት» ብሎ ማስገደድ አይችልም ነበር። ሰውየው ራሱ ተነሥቶ እንዲሄድ ማድረግ ነበረበት። ሳሎኑ የተሣለው ለዚህ ነው። ጀግንነት የሚማርከው ሰው አስቀድሞ ስለ ሄደ፣ የቀረውን የሚነካ ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ሆነ። መልስዎ ውስጥ ይህ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ከሳራዬቮ ግድያ ጀምሮ የጦርነቱን ታሪክ የሚተርክ ተማሪ ፖስተሩ ጋ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቅበታል።

የተሣለው ሰውና የተፈለገው ሰው አንድ ናቸው?

ብዙ መልስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ምስሉን ያዩና «ፖስተሩ የተሠራው ለአባቶች ነው» ብለው ይጽፋሉ። አንዳንዱማ ሕፃናቱን አይቶ «ለልጆች ነው» ይላል። የተሣለውን ሰው እንደ ተመልካቹ ቆጥረውታል።

ጥያቄውን እንደገና ያንብቡት። ልጅቷ «ምን ሠራህ» ነው ያለችው፤ «ምን እየሠራህ ነው» አላለችም። ፖስተሩ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ጦርነቱ ገና እየነደደ ነው፤ በሥዕሉ ውስጥ ግን አልቋል፣ የሚወራ ታሪክ ሆኗል። ልጅቷ የገለጠችው መጽሐፍና ወንድሟ የሚጫወትባቸው ወታደሮች ይህንኑ ያግዛሉ። እንግዲህ የምናየው ወደፊት የሚሆነውን ነው። ወንበሩ ላይ ያለው አባት የተመልካቹ ነገ ነው እንጂ ዛሬው አይደለም። ልጅቷም ምናልባት ገና አልተወለደችም። ስለዚህ ፖስተሩ የሚፈልገው ሰው ሚስትም ልጅም የሌለው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሊሆን ይችላል። በአጭሩ፣ ለውትድርና የደረሰና እስካሁን ያልተመዘገበ ወንድ ነው። ልጆች ያሉት አባት ከዚህ አይወጣም፤ ነገር ግን እሱ ብቻ አይደለም።

የሰውየው ሙሉ ልብስና ምቹው ወንበር ደህና ኑሮ ያለውን ቤተሰብ ያስታውሳሉ። ፖስተሩ በይበልጥ መካከለኛ ኑሮ ያላቸውን ያናግራል ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ይህ ግን ከፊተኛው የደከመ ማስረጃ ስለሆነ «ይመስላል» የሚለውን ቃል ይጠቀሙ። «ነው»ን የሚሸከም ማስረጃ የቱ እንደሆነ፣ «ይመስላል» የሚበቃው የቱ እንደሆነ መለየቱ ራሱ ነጥብ ያስገኛል።

የፖስተሩ አነሣስም ይህን ንባብ ይደግፋል። አሳታሚው አርተር ገን ለመዝመት እያመነታ ሳለ፣ ባልሄድ ልጆቼ ኋላ ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ ብሎ እንዳሰበ፣ ሐሳቡም ከዚያ እንደ መጣ ልጁ በኋላ ተናግሯል። ይህን ካወቁ ማከል ይችላሉ፤ መልስዎ ግን ያለሱም በምስሉ ላይ መቆም አለበት።

የጠሩት ዘዴ በጣት የሚነካ ነው?

«ፖስተሩ ስሜትን ይጠቀማል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለየትኛውም ፖስተር ይሆናል። እኔ ለልጆቹ የምሰጣቸው ፈተና ቀላል ነው፦ የጻፋችሁትን ዓረፍተ ነገር ወስዳችሁ ከሌላ ፖስተር ሥር አኑሩት፤ እዚያም ልክ ከሆነ ሰርዙት። ለዚህ የምናነጻጽርበት አልፍሬድ ሊት በ1914 የሣለው የጦር ሚኒስትሩ የሎርድ ኪችነር ምስል ነው፤ ጣቱን ወደ ተመልካቹ የቀሰረው። በሁለቱም ሥዕሎች ሰውየው ተመልካቹን ያያል። «ዐይን ለዐይን መተያየትን ይጠቀማል» ብሎ ማቆም ታዲያ ምንም አይነግረንም። ኪችነር የሚያየን እንደ አዛዥ ነው፤ ሥልጣኑ ከማዕረጉ ይመጣል። አባትየው ግን መልስ የጠፋው ሰው ሆኖ ያየናል። እዚህ ሥልጣን ያላት ልጅቷ ናት። ፊልድ ማርሻልን ሸሽቶ ቤት መግባት ይቻላል፤ ይህች ጠያቂ ግን የምትጠብቀው ቤት ውስጥ ነው።

ስሜቱንም በስሙ ይጥሩት። አንዳንዶች «ፍርሃት» ይላሉ። ነገር ግን በሥዕሉ ላይ የሚያስፈራ የለም፤ ጠላት የለም፣ ደም የለም፣ ከአሻንጉሊቶቹ ሌላ ወታደር እንኳ የለም። ያለው ሃፍረት ነው። ሃፍረቱም ዛሬ የተሰማ ሳይሆን ገና የሚመጣ፣ ከአሁኑ ቀድሞ የተበደሩት ሃፍረት ነው። በተዘዋዋሪ አንድ ተስፋም ተሰጥቷል፦ ጦርነቱ ያልቃል፣ ቤቱ በሰላም ይቆማል፣ ልጆች ይጫወታሉ። የዘመተ ሰው ላይመለስ እንደሚችል ግን ሥዕሉ አንድም ቦታ አይናገርም። ፖስተሩ የደበቀውን መጥቀስ ዘዴውን እንደ ገባዎት ያሳያል።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝኛው ላይ «አንተ» የሚለው ቃል ብቻውን በትላልቅ ፊደላት ተጽፏል። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለ፣ ደግሞም «ሠራህ» ማለት ብቻ ሰውየውን ስለሚያመለክት፣ በአማርኛ ሲያስቡት ይህ ጫና በቀላሉ ይጠፋል። እኔ «አንተስ» ብዬ የመለስኩት ለዚህ ነው። «ስ»ዋ ሌሎች አንድ ነገር እንደ ሠሩ ታሳስባለች፤ የጎረቤቱ አባት፣ የጓደኛዋ አባት። በልጅቷ አፍ ውስጥ የተደበቀው ንጽጽር ይህ ነው።

ሲጻፍ ምን ይመስላል?

አንድ ተማሪ የሚጽፈው ዓይነት መልስ ይህን ይመስላል፦ «ፖስተሩ ሰዎች ወደ ጦርነት እንዲሄዱ ይናገራል። ለአባቶች ነው። ልጆችን በመሣል ስሜትን ይጠቀማል።» «ለአባቶች ነው» ከማለቱ በቀር ሐሰት የለበትም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ምስሉን ያላየ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። በተነጋገርንበት መንገድ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«በ1915 በእንግሊዝ ውትድርና በፈቃድ ስለነበረ፣ ፖስተሩ ያልተመዘገቡ ወንዶችን ለማነሣሣት ታስቧል። መልእክቱ፣ ዛሬ ያልዘመተ ሰው ነገ በገዛ ልጆቹ ፊት ያፍራል የሚል ነው። ጥያቄው ‹ምን ሠራህ› ተብሎ በኀላፊ ጊዜ መቅረቡ ጦርነቱን ያለቀ አስመስሎ ተመልካቹን ወደፊት ይወስደዋል፤ ስለዚህ ገና ልጅ የሌለውንም ወጣት ያናግራል። አባትየው ከልጁ ዞሮ ተመልካቹን ማየቱ መልሱን ወደ ተመልካቹ ያሻግረዋል። ሥዕሉ ሞትን ደብቆ ሰላማዊ ሳሎን ብቻ ስለሚያሳይ፣ መዝመትን አደጋ የሌለው፣ መቅረትን ግን ዕድሜ ልክ የሚያሳፍር ያስመስለዋል።»

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። እያንዳንዱ በምስሉ ላይ ከሚታይ ነገር ወይም ከዓመቱ ይነሣና ተመልካቹ ላይ ምን ለማድረግ እንደታሰበ ተናግሮ ያበቃል። ቅደም ተከተሉን መቀየር ይቻላል፤ ከሚታየው ሳይነሡ ስለ ዘዴው መናገር ግን አይቻልም።

ፖስተሩ የማያስረዳውን ጨምረዋል?

ፖስተሩ አውጪዎቹ ምን እንደፈለጉ ያሳያል፤ ያየው ሰው ምን እንደተሰማው አያሳይም። «ብዙ ወንዶች በዚህ ፖስተር ምክንያት ዘመቱ» ብሎ መጻፍ ከምስሉ የማይገኝ ነገር መጨመር ነው። ያየ ሁሉም አልተቀበለውም። የማዕድን ቆፋሪዎች መሪ የነበረውና ጦርነቱን የተቃወመው ሮበርት ስማይሊ፣ ልጁ ይህን ቢጠይቀው ላስቆመው ሞክሬ ነበር ብሎ እንደሚመልስ መናገሩ ይነገራል። በተቃራኒውም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በጃንዋሪ 1916 የግዴታው ሕግ መውጣቱ በፈቃድ የሚመዘገበው ሰው እንዳልበቃ ያሳያል፤ ይህ አንዱ ፖስተር ሰው አላነሣሣም ለማለት ግን ማስረጃ አይሆንም። ፈታኙ ስለ ውጤቱ ካልጠየቀዎት አይግቡበት። ከጠየቀዎት ደግሞ ሌላ ምንጭ ይፈልጉ፤ የዚያ ዘመን ደብዳቤ፣ የዕለት ማስታወሻ ወይም የምልመላ መዝገብ።