ቀብድ ከመላካችሁ በፊት፦ የማታውቁትን የቴሌግራም ሱቅ እንዴት ትፈትሻላችሁ?



ባለፈው ሴሚስተር አንድ የሦስተኛ ዓመት ወንድማችን ያገለገለ ላፕቶፕ ሲፈልግ በቴሌግራም አንድ የአዲስ አበባ ሱቅ አገኘ። ቻናሉ 40,000 አባላት አሉት። በየቀኑ የላፕቶፕ ፎቶ ይለጠፍበታል፤ «ዕቃው በሰላም ደርሶኛል» የሚሉ የደንበኞች መልእክቶችም በስክሪንሾት ይወጣሉ። ሌሎች ሱቆች 40,000 ብር የሚሉትን ላፕቶፕ ይህኛው በ24,000 ብር ይሸጣል። ሻጩ «ወደ ክፍለ ሀገር የምንልከው 6,000 ብር ቀብድ ሲገባ ነው፤ ቀሪውን ዕቃው ሲደርስህ ትከፍላለህ» አለው። ገንዘቡ እናቱ ዕቁብ ሲደርሳቸው የላኩለት ነው። ከመላኩ በፊት ወደ ዶርማችን መጣና አብረን ፈተሽነው። ያን ዕለት ያደረግነውን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ፍተሻው ለምን ከክፍያ በፊት መሆን እንዳለበት እንይ። በባንክ አፕ ወይም በቴሌብር ስትልኩ ክፍያውን በራሳችሁ የሚስጥር ቁጥር ያዘዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ ገንዘቡም ወዲያው ተቀባዩ ዘንድ ይገባል። «ተታለልኩ» ብላችሁ ብትደውሉ ባንኩ በእናንተ ቃል ብቻ ከሰው ሒሳብ አውጥቶ አይመልስላችሁም። ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል፣ ማመልከትም ይገባል፤ ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ገንዘቡ ከሒሳቡ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ስንፈትሽ የያዝነው መለኪያ አንድ ነበር፦ ይህን ማስረጃ ሻጩ ራሱ ሊሠራው ይችላል ወይስ አይችልም? ሊሠራው የሚችለውን አንቆጥረውም። የአባላት ቁጥር በገንዘብ ይገዛል። የደንበኞች ምስጋና ሁለት ስልክ ያለው ሰው በአምስት ደቂቃ የሚያዘጋጀው ነገር ነው። የንግድ ፈቃድ ፎቶም ከሌላ ሱቅ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ እንደፈለገ ሊያስተካክላቸው ወደማይችላቸው ነገሮች ሄድን።

1. የቻናሉ ታሪክ

ቻናሉን ከፍተን ጽሑፎቹን ወደ ላይ ስንስብ ከላይ ብቅ የሚለውን ቀን ነካነው። የቀን መቁጠሪያ መጣ፤ በእርሱ ወደ መጀመሪያዎቹ ልጥፎች ተመለስን። ቻናሉ ሁለት ዓመት ቆይቷል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ የሚለጠፍበት ፊልም ነበር። ከዚያ ስምንት ወር ምንም የለም፤ ላፕቶፕ የጀመረው ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። እንዲህ ያለ ቻናል ብዙ ጊዜ ከነአባላቱ የተሸጠ ነው።

ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር ካለው የዓይን ምልክት አጠገብ ያለውን ቁጥር አየን። 40,000 አባላት ባሉት ቻናል የሳምንት ዕድሜ ያለውን ልጥፍ ያዩት ወደ 400 ሰዎች ብቻ ናቸው። በእውነተኛ ቻናልም ሁሉም አባል አያይም፤ እንዲህ ያለ ልዩነት ግን አባላቱ ሰዎች አለመሆናቸውን ያስጠረጥራል። የተመልካች ቁጥርም ሊገዛ ስለሚችል ቁጥሩ በሁሉም ልጥፍ ላይ ተመሳሳይ ከሆነ እርሱም አጠራጣሪ ነው። የአስተያየት መስጫው ደግሞ ተዘግቶ ነበር።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የሚታወቅ ሱቅን ስምና አርማ ወስደው የሚከፍቱ አሉ። ስለዚህ የቻናሉን ስም ሳይሆን ከ@ በኋላ ያለውን መጠሪያ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ትንሹ l እና ትልቁ I በስክሪን ላይ አይለያዩም። በአንድ ግሩፕ ዋጋ ጠይቃችሁ «አድሚን ነኝ» ብሎ ቀድሞ በውስጥ የሚጽፍላችሁ ሰውም እውነተኛው አድሚን ላይሆን ይችላል።

2. ፎቶው

ፎቶውን አውርደን በጉግል ሌንስ ፈለግነው። ያው ፎቶ በአንድ የውጭ አገር የሽያጭ ገጽ ላይ ተገኘ። ባይገኝ ኖሮ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ከሌላ የቴሌግራም ቻናል የተወሰደ ፎቶ በፍለጋ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ወሳኙ ቀጣዩ ጥያቄ ነው። ወንድማችን «ላፕቶፑን ከፍተህ፣ አጠገቡ ስሜና የዛሬው ቀን የተጻፈበት ወረቀት አድርገህ አጭር ቪዲዮ ላክልኝ» ብሎ ጻፈለት። ዕቃው እጁ ላይ ላለ ሰው ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። መልሱ «ደንበኛ በዝቶብናል፤ ይህንንም ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፤ የምትፈልግ ከሆነ ቀብዱን ቶሎ ላክ» የሚል ነበር።

3. ስሙ

የባንክ አፕም ሆነ ቴሌብር የተቀባዩን ቁጥር ስታስገቡ ክፍያውን ከማጽደቃችሁ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያችኋል። እዚያ ላይ ቁሙና ስሙን ጻፉ። ከሱቁ ስም ጋር አለመመሳሰሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች በግል ሒሳባቸው ይቀበላሉ። ነገር ግን የንግድ ፈቃድ ላይ የባለቤቱም ስም ይጻፋል። ሻጩን የፈቃዱን ቁጥር ወይም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ጠይቁትና ራሳችሁ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር etrade.gov.et ገጽ ላይ ፈልጉት። እዚያ የሚወጣው ስም፣ ሒሳቡ ላይ ያለው ስምና ሱቁ የሚጠራበት ስም መገናኘት አለባቸው። የእኛው ሻጭ የፈቃድ ፎቶ ላከ፤ ፈቃዱ ላይ ያለው ባለቤት ግን ቀብዱን ከሚቀበለው ሰው የተለየ ነበር። «የሒሳብ ሠራተኛችን ነው» አለ።

4. ቦታው

በመጨረሻ አድራሻውን ጠየቅነው፤ የአንድ ሕንፃ ስም፣ ሦስተኛ ፎቅና የሱቅ ቁጥር ሰጠን። ወንድማችን አዲስ አበባ ያለች የአጎቱን ልጅ ላከ። ሕንፃው አለ፤ በዚያ ቁጥር ያለው ግን ልብስ ስፌት ነው። የጎረቤት ሱቆችም ላፕቶፕ የሚሸጥ አያውቁም።

ለጊዜው አዲስ አበባ ሰው የሌላችሁ ካላችሁ ለሻጩ እንዲህ በሉት፦ «ከተማ ያለ ዘመዴ ሱቅህ መጥቶ ዕቃውን ከፍቶ አይቶ እዚያው ሙሉውን ይከፍልሃል»። ዘመድ ባይኖራችሁም ጠይቁት። እውነተኛ ነጋዴ ሙሉ ክፍያ በአንድ ጊዜ የሚያገኝበትን ደንበኛ አይመልስም። ሱቅ የሌለው ሰው ግን ወደ ቀብዱ ይመልሳችኋል። ቀብዱን የጠየቀው ቀሪውን ስለማይጠብቅ ነው፤ «ሲደርስህ ትከፍላለህ» ማለቱም ለዚህ አይከብደውም።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህን ፍተሻዎች ያለፈ ሱቅም የተበላሸ ዕቃ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ያን የሚፈታው ዕቃውን ከፍቶ አይቶ መክፈል ብቻ ነው። በሌላ በኩል አዲስ የተከፈተ ሐቀኛ ሱቅ አባላቱ ጥቂት፣ ታሪኩ አጭር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን በቻናሉ ዕድሜ ብቻ አትጣሉት፤ ቪዲዮውን ከላከ፣ ስሙ ከገጠመና ሱቁ ቦታው ላይ ከተገኘ በቂ ነው። ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነና ሻጩ «የማጓጓዣ» ወይም «የኢንሹራንስ» ብሎ ተጨማሪ ከጠየቀ ግን ሁለተኛውን አትላኩ። የክፍያውን ደረሰኝና የጽሑፍ ልውውጡን አስቀምጡ፤ በዚያው ቀን ወደ ባንኩና ወደ ፖሊስ ሂዱ።

ወንድማችን ላፕቶፑን ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሌላ ሱቅ በ38,500 ብር ገዛ። የከፈለችው የአጎቱ ልጅ ናት፤ እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ላፕቶፑን ከፍታ ካየች በኋላ።