«የሟች ወንድም ልጅ» ማን ነው? አሻሚ ሰነድ የገጠመው ተርጓሚ ደረጃ በደረጃ

ነቀምት ላይ ለትርጉም ከሚመጡ ወረቀቶች ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የውርስ ወረቀት ነው። እህትማማችና ወንድማማች አዲስ አበባ ተቀምጠው በአማርኛ ይስማማሉ፤ ቤቱ ግን ነቀምት፣ ጊምቢ ወይም ደምቢዶሎ ነው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ስምምነቱ ተተርጉሞ መቅረብ አለበት። የአባታቸውን ቤት የሚከፋፈሉ ልጆች የጻፉትን ይህን ዓረፍተ ነገር ለምሳሌ እንውሰድ፦ «የሟች ወንድም ልጅ ቤቱን እንዲረከብ ተስማምተናል፤ ይህንንም አጎታችን ያውቃሉ።»

ደረጃ 1፦ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ

ትርጉሙን ሳትጀምሩ ሰነዱን እስከ ፊርማው ድረስ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ምስክር አለ» ላልቶ ከተነበበ ምስክሩ ተናገረ ማለት ነው፣ ጠብቆ ከተነበበ ደግሞ ምስክር መኖሩን ይገልጻል። ምላሳችሁ በሁለት መንገድ ሊያነበው የሚችለውን ሁሉ በእርሳስ አስምሩበት።

የኛ ዓረፍተ ነገር አሻሚነት ግን ከድምፅ አይመጣም። የሞተው ማን ነው? ወንድማቸው ከሆነ ልጁ የአባትየው የልጅ ልጅ ነው። «ሟች» የተባለው አባትየው ከሆነ ደግሞ ልጁ የአባትየው ወንድም ልጅ ነው።

ደረጃ 2፦ መልሱን ከሰነዱ ውስጥ መፈለግ

ብዙው ጥያቄ እዚሁ ያልቃል። «ልጅ» በአፋን ኦሮሞ «ኢልመ» ወይም «ኢንተለ» መባል አለበት፤ «እንዲረከብ» የሚለው ግስ ወንድ መሆኑን ስለሚነግረን ደንበኛውን ማስቸገር አያስፈልግም። «ሟች» የሚለውንም በዚሁ መንገድ ተከታተሉት። ጸሐፊው በሌላው ቦታ ሁሉ «ሟች አባታችን» እያለ ከሄደ «ሟች ወንድም» የሞተው ወንድም ወደ መሆኑ ያደላል። «ሟች» ብቻውን ለአባትየው ስም ሆኖ ካገለገለ ግን ሁለቱም ንባብ እኩል ይቆማል።

ደረጃ 3፦ የሚቀየረውን ነገር መመዘን

እዚህ ላይ ራሴን የምጠይቀው፣ አንዱን ብመርጥ የማን መብት፣ ገንዘብ ወይም ቀን ይቀየራል ብዬ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ልጆች ቀዳሚ ወራሾች ናቸው፤ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእሱ ልጆች በቦታው ይተካሉ። ስለዚህ የልጅ ልጁ በራሱ መብት የቆመ ወራሽ ነው። የአባትየው ወንድም ልጅ ግን ልጆች እያሉ ወራሽ አይሆንም፤ ቤቱን የሚያገኘው እነሱ ስለሰጡት ብቻ ነው። ይህ በተርጓሚ ግምት የሚወሰን ጉዳይ አይደለም፤ መጠየቅ ግድ ነው።

«አጎታችን» ደግሞ ሌላ ነው። አፋን ኦሮሞ የእናትን ወንድም «ኤሱማ»፣ የአባትን «ወሲላ» ስለሚል አንዱን መምረጥ ያስገድዳል። እዚህ አጎትየው ምስክር እንጂ ተካፋይ ስላልሆኑ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ደንበኛውን ስታገኙት በአንድ ቃል ጠይቁት፣ ካላገኛችሁት የመረጣችሁትን በማስታወሻ ግለጹ።

ደረጃ 4፦ አጠያየቅ

ደንበኛው በጉዳዩ ጥቅም ያለው ሰው መሆኑን አትርሱ። «የልጅ ልጅ ልበለው ወይስ የወንድም ልጅ?» ብትሉት የሚጠቅመውን ሊመርጥ ይችላል። «ቤቱን የሚረከበው ልጅ አባቱ ማን ይባላሉ? በሕይወት አሉ?» ብላችሁ ስለ ሰዎቹ ጠይቁት፤ ከዚያ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እንዲያመጣ አድርጉ። ዝምድናው ከማስረጃው ከታወቀ በዚያ ተርጉማችሁ፣ በግርጌ «የተርጓሚ ማስታወሻ፦ የአማርኛው ሐረግ ለሁለት ትርጉም ክፍት ነው፤ በቀረበው የወራሽነት ማስረጃ መሠረት ተተርጉሟል» ብላችሁ ጻፉ። ማስረጃ ካልመጣ ሁለቱንም ንባብ በማስታወሻው አስቀምጡና ለዳኛው ተዉት። ተዋዋዮቹ ሁሉ ካሉ ከሁሉም የተሻለው ዋናውን ሰነድ ራሳቸው አስተካክለው በድጋሚ እንዲፈርሙ ማድረግ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ

ጉዳዩ በሰበር ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሄድ ወረቀቱ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ ይዞራል። ያን ጊዜ የሚያስቸግረው «ኢሳን» ነው፤ «እነሱ»ም «እሳቸው»ም ይሆናል፣ ግሱም በሁለቱም አንድ ነው። «ኢሳን መነ ሴነን» የሚል የምስክር ቃል ቤት የገቡት ብዙ ሰዎች ይሁኑ አንድ አዛውንት አይለይም፤ በወንጀል ጉዳይ ደግሞ የተከሳሹን ቁጥር ይቀይራል። ከፊቱ ያለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፦ በ«ኦቦ» የተጠራ አንድ ሰው ብቻ ካለ «እሳቸው» በሉ። ሁለት ሰው ከተጠቀሰ አትገምቱ፤ ደንበኛው መዝገቡን ከያዘው ችሎት የምስክሩ ቃል በድምፅ ተቀድቶ እንደሆነ ያጣራ፤ ከሌለ «ኢሳን»ን እንዳለ አስቀምጣችሁ ሁለቱን ፍች በማስታወሻ አስረዱ።